ኮሚሽኑ ሲመለስ፦ በጎንደር የአንዲት አዲስ ሻጭ የሁለት ሩብ ዓመት ሒሳብ

ጉዳዩ በአጭሩ

ጎንደር ውስጥ ፍራሽና የሆቴል ዕቃ በጅምላ በሚያከፋፍል ድርጅት አንዲት አዲስ ሻጭ ተቀጠረች። በመጀመሪያው ሩብ ዓመቷ 54,000 ብር ኮሚሽን ተሰላላት። ሁለት ወር ሳይሞላ የሸጠችው ዕቃ ስለተመለሰ ከዚያ ላይ 18,000 ብር ትመልሺያለሽ ተባለች። በዚያው ዕቃ ሰበብ ሌላ 11,000 ብር ማንም ሳያስተውለው ሊቀርባት ነበር።

እኔ የድርጅቱን ሒሳብ በየሩብ ዓመቱ የማይ የውጭ ሰው ነኝ። ሻጯና ሥራ አስኪያጁ ሳይግባቡ ሲቀሩ ሁለቱም ወረቀታቸውን ይዘው እኔ ጋ መጡ። ጉዳዩን የጻፍኩት በሁለቱም ፈቃድ ነው። ስም አልጠራሁም፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ዳራ

የጎንደር የፍራሽ ገበያ ወቅት አለው። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ሆቴልና ፔንሲዮን ያለው ሁሉ ለዚያ ቀን ከጥቅምት ጀምሮ ክፍሉን ማደስ ይጀምራል። ከጥምቀት ማግስት ደግሞ ሰርጉ ይቀጥላል፤ አዲስ ጎጆ የሚወጣ ሰው ፍራሽ ሳይገዛ አይቀርም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ይቆማል። ክረምት ላይ ገበያው ጭር ይላል።

ድርጅቱ ግን ይህን ሁሉ ከቁጥር አያስገባም። የዓመቱን ዕቅድ ለአራት አካፍሎ ለእያንዳንዱ ሻጭ በሩብ ዓመት 1,500,000 ብር ኮታ ይሰጣል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥም ኮታው ያው ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረምም ያው ነው። ነባሮቹ ሻጮች ይህን ስለሚያውቁ በጥቅምት ላይ ይረባረባሉ፤ ክረምቱን ደግሞ በመነሻ ደሞዝ ይገፉታል።

ልጅቷ የተቀጠረችው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ፒያሳ አንድ ልብስ ቤት ስትሸጥ ነበር። ሰው አያያዝ ታውቃለች፤ ዋጋ ስትከራከርም አትሰለችም። በኮሚሽን ሠርታ ግን አታውቅም። መነሻ ደሞዟ 9,000 ብር ሆነ። የኮሚሽን ውሉ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ፈርማ ሰጠች፤ ኮፒ አልወሰደችም።

ውሉ ምን ይላል

የውሉ ፍሬ ነገር ሦስት ነው።

የመጀመሪያው መደበኛው ኮሚሽን ነው። ሻጯ እስከ ኮታዋ ድረስ ለሸጠችው 2 በመቶ ታገኛለች። የሚቆጠረው ከቫት በፊት ያለው ዋጋ ነው። ሽያጩ የሚቆጠረው ደግሞ ደረሰኝ በተቆረጠበት ቀን ነው፤ ገንዘቡ ገና ባይገባም።

ሁለተኛው አክስለሬተር የሚባለው ነው። ከኮታው በላይ ለሚሸጠው ኮሚሽኑ ወደ 4 በመቶ ይወጣል። ድርጅቱ እጥፍ የሚከፍለው ደግ ስለሆነ አይደለም። የመጋዘኑን ኪራይ፣ የሾፌሩን ደሞዝና የሻጯን መነሻ ደሞዝ የሚሸፍነው እስከ ኮታው ድረስ ያለው ሽያጭ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እነዚህ ወጪዎች ስለሌሉበት ከእያንዳንዱ ፍራሽ የሚተርፈው ይበልጣል። ከሚተርፈው ላይ ነው ለሻጯ የሚጨመርላት።

ሦስተኛው ኮሚሽን የሚመለስበት አንቀጽ ነው። ዕቃው ከተመለሰ፣ ወይም ደረሰኙ በተቆረጠ በ120 ቀን ውስጥ ገንዘቡ ካልተሰበሰበ፣ «ኮሚሽኑ የተከፈለበት ሩብ ዓመት እንደገና ተሰልቶ ልዩነቱ ይመለሳል» ይላል። ዓረፍተ ነገሩ አንድ መስመር ነው። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህች መስመር ነው።

የጥር ወር ክፍያ

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ልጅቷ ከቫት በፊት 2,100,000 ብር ሸጠች። የኮታዋ 140 በመቶ ማለት ነው። ኮሚሽኑ የሚከፈለው ሩብ ዓመቱ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ስለሆነ ጥር መጨረሻን ጠበቀች።

በደብተሯ ላይ የጻፈችው ቁጥር 96,600 ብር ነበር። እንዴት እንደደረሰችበት ሳየው ገባኝ። ደረሰኞቹን ስትደምር ቫቱን ጨምራ ደመረች፤ 2,415,000 ብር መጣላት። ከዚያ ኮታውን ስላለፈች ጠቅላላውን በ4 በመቶ አባዛችው። ከፍ ያለው መጠን ኮታ ሲያልፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ሁሉንም ሽያጭ የሚይዝ መስሏታል። እንዲህ የሚሠራ ውል የትም የለም ማለቴ አይደለም፤ አንዳንድ ድርጅት ጋ አለ። የእሷ ውል ግን ከኮታው በላይ ላለው ብቻ ነው የሚለው።

ትክክለኛው ስሌት እንዲህ ነው። 1,500,000 ብር በ2 በመቶ 30,000 ይሆናል። የቀረው 600,000 በ4 በመቶ 24,000 ይሆናል። ድምሩ 54,000 ብር። በኤክሴል በአንድ መስመር ይወጣል፤ ሽያጩ B2 ላይ ካለ፦

```
=MIN(B2,1500000)*2% + MAX(B2-1500000,0)*4%
```

እጇ የገባው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ኮሚሽን ከደሞዝ ጋር ተደምሮ የደሞዝ ግብር ይቆረጥበታል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ምጣኔ በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገቢ 35 በመቶ ይከፍላል። የሦስት ወር ኮሚሽን በአንድ ወር ደሞዝ ላይ ሲወድቅ አብዛኛው እዚያ እርከን ላይ ያርፋል። ከ54,000 ብሩ 18,600 ለግብር ሄዶ 35,400 ደረሳት።

96,600 ጠብቃ 35,400 ስታገኝ ደነገጠች። እዚህ ላይ ግን ማንም አላጭበረበራትም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቁጭ ብላ አስረዳቻት፤ ነገሩ በዚያው በረደ። እሳቱ የተነሳው መጋቢት ላይ ነው።

ፍራሾቹ ሲመለሱ

ልጅቷ ጥቅምት ላይ የመጀመሪያዋን ትልቅ ሽያጭ የሠራችው ለአንድ የአዘዞ አዲስ ፔንሲዮን ነበር። 50 ፍራሽ፣ አንዱ 9,000 ብር፣ ጠቅላላ 450,000 ብር። ባለቤቱ ቅድሚያ አልከፈለም። ለጥር 20 የተጻፈ ቼክ ሰጠ።

በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ ልጅቷ በእጇ «30 በመቶ ቅድሚያ ይጠየቅ» ብላ ጽፋለች። ሥራ አስኪያጁ ሰረዙት። ሌላ አከፋፋይ ያለ ቅድሚያ ሊሰጥ ተዘጋጅቷል የሚል ወሬ ሰምተው ነበር።

ፔንሲዮኑ ለጥምቀት አልደረሰም። ላይኛው ፎቅ በር እንኳ አልተገጠመለትም። ጥር 20 ቼኩ ባንክ ሲቀርብ ደረቅ ሆነ። ከብዙ ስልክና ምልልስ በኋላ የካቲት መጨረሻ ላይ መኪና ተላከ። ፍራሾቹ ከነላስቲካቸው፣ አንዱም ሳይቀደድ፣ መጋዘን ተመለሱ። ድርጅቱ ዕቃው ስለዳነለት ደስ አለው። መጋቢት ላይ ለልጅቷ የ18,000 ብር ተመላሽ ወረቀት ደረሳት።

መጀመሪያ የተጣሉበት፦ በ2 ወይስ በ4 በመቶ?

የእሷ ክርክር ቀላል ነበር። «ይህ የመጀመሪያ ሽያጬ ነው። ያን ጊዜ ኮታዬን ገና አልነካሁም። የተከፈለኝ በ2 በመቶ ነው፤ ስለዚህ የምመልሰው 9,000 ነው» አለች።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ሩብ ዓመቱን እንደገና ነው ያሰላችው። ከ2,100,000 ላይ 450,000 ሲወጣ 1,650,000 ይቀራል። ኮሚሽኑ 30,000 ሲደመር የ150,000 ብር 4 በመቶ፣ ማለትም 6,000 ነው። ድምሩ 36,000። የተከፈላት 54,000 ስለነበር ልዩነቱ 18,000 ይሆናል።

እዚህ ላይ ድርጅቱ ትክክል ነበር፤ ለእሷም ይህንኑ ነገርኳት። ፍራሽ በፍራሽ ላይ ተደርድሮ ከታች አንዱን ብትስቢ ቁልሉ የሚያጥረው ከላይ ነው። ሽያጭም እንደዚያ ነው። የትኛውም ደረሰኝ ይመለስ፣ ከጠቅላላው ሲወጣ የሚጎድለው ከኮታ በላይ ያለው ክፍል ነው። ኮታውን ያለፈ ሻጭ ተመላሽ ሲመጣበት የሚመልሰው በከፍተኛው መጠን ነው። አዲስ ሻጭ ይህን ቀድሞ ካላወቀ አክስለሬተሩን እንደ ስጦታ ያየዋል። ዕዳም የሚያድገው በዚያው መጠን መሆኑን የሚያውቀው ተመላሽ የመጣ ዕለት ነው።

«ታዲያ ለምን ማንም አልነገረኝም?» አለች። ተገቢ ጥያቄ ነው። ውሉ ላይ አንድም በቁጥር የተሠራ ምሳሌ አልነበረም።

ሁለተኛው ስህተት፦ አንዱን ፍራሽ ሁለቴ መቀነስ

የሚቀጥለውን ሩብ ዓመት ወረቀት ያየሁት ለማረጋገጥ ያህል ነው። ከጥር እስከ መጋቢት የሰርጉ ገበያ ጥሩ ነበር፤ ልጅቷ የቆረጠቻቸው ደረሰኞች ሲደመሩ 1,600,000 ብር ናቸው። በኮሚሽን ሠንጠረዡ ላይ ግን የተጻፈው 1,150,000 ነው። የጎደለው 450,000 ነው። ያው የአዘዞው።

ተንኮል አልነበረበትም። ለቫትና ለመጋዘን ሒሳብ የተመለሰ ዕቃ በተመለሰበት ጊዜ ከሽያጭ ላይ ይቀነሳል፤ ይህ ትክክል ነው። የኮሚሽን ሠንጠረዡ ደግሞ ቁጥሩን የሚስበው ከዚያው የሽያጭ ሠንጠረዥ ነው። ስለዚህ 50ዎቹ ፍራሾች አንዴ ከአሮጌው ሩብ ዓመት፣ አንዴ ከአዲሱ ወጡ።

ውጤቱን እንየው። በ1,600,000 ኮሚሽኗ 30,000 ሲደመር 4,000፣ ማለትም 34,000 ነበር። በ1,150,000 ግን ኮታዋን ስለማትሞላ 23,000 ብቻ ይሆናል። 11,000 ብር ቀረባት ማለት ነው። ከ18,000ው ጋር ሲደመር ያ አንድ ሽያጭ 29,000 ብር ያስወጣታል። ለዚያ ሽያጭ ከድርጅቱ ያገኘችው ግን 18,000 ብቻ ነው።

አንድ ድርጅት ተመላሹን ከአሮጌው ሩብ ዓመት ሊቀንስ ይችላል፤ ካልሆነ ከአዲሱ ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱም የሚሠራባቸው መንገዶች ናቸው። ከሁለቱም መቀነስ ግን አይቻልም። ውሉ የመረጠው የአሮጌውን ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ሩብ ዓመት 1,600,000 ሆኖ መቆየት ነበረበት።

ይህን ስህተት ለመያዝ የሒሳብ ሰው መሆን አያስፈልግም። የራስን ደረሰኝ መደመርና ሠንጠረዡ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ማስተያየት ይበቃል። ልዩነቱ ልክ የአንድ ተመላሽ ዋጋ ከሆነ፣ እና ለዚያ ተመላሽ ኮሚሽን እንድትመልሺ ከተጠየቅሽ፣ ሁለቴ ተቀንሷል።

ሦስተኛው፦ ከየትኛው ገንዘብ ይቆረጥ?

የመጀመሪያው ዕቅድ 18,000ውን ለሁለት ከፍሎ ከመጋቢትና ከሚያዝያ ደሞዝ ላይ 9,000፣ 9,000 መቁረጥ ነበር። መነሻ ደሞዟ ራሱ 9,000 ነው። መጋቢት ላይ ባዶ እጇን ልትወጣ ነው ማለት ነው።

ይህ በሕጉም አያስኬድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከሠራተኛ ደሞዝ ላይ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። እሷ ላይ ቢበዛ 3,000 ብር ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት።

የግብሩ ነገርም ነበረ። 18,000ው የተቆጠረው ግብር ሳይቆረጥለት ነው። ከዚያ ላይ 6,300 ብር ጥር ላይ ለግብር ሄዷል፤ እሷ እጅ የገባው 11,700 ነው። ከተጣራ ደሞዟ ላይ 18,000 ሙሉውን ብትከፍል ያላየችውን 6,300 ብር ከኪሷ ልትመልስ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጀመሪያ የሁለተኛው ሩብ ዓመት ሽያጭ ወደ 1,600,000 ተመለሰ። ኮሚሽኗ 34,000 ሆነ።

ቀጥሎ ከመጋቢት ደሞዝ ምንም እንዳይቆረጥ ተስማሙ። 18,000ው የሚያዝያ ኮሚሽን ሲሰላ፣ ከግብር በፊት፣ ከ34,000ው ላይ ተቀነሰ። የሚከፈላት ኮሚሽን 16,000 ሆነ፤ ግብር የተቆረጠውም በ16,000ው ላይ ነው። በዚህ መንገድ ከእጇ በእርግጥ የወጣው 11,700 ብቻ ሆነ። መጀመሪያ በተሠራው ወረቀት ቢሄድ ኖሮ ከሁለተኛው ሩብ ዓመት ኮሚሽን ተመላሹ ተቀንሶ 5,000 ብር ነበር የሚተርፋት።

ሦስተኛ፣ የኮሚሽን ሠንጠረዡ ከሽያጭ ሠንጠረዡ ተለየ። አሁን ለእያንዳንዱ ተመላሽ ደረሰኙ መጀመሪያ የተቆረጠበት ሩብ ዓመት ይጻፍለታል። ከዚያ ሩብ ዓመት ብቻ ይቀነሳል።

አራተኛ፣ የአከፋፈሉ ጊዜ ተቀየረ። ከኮሚሽኑ ግማሹ እንደ ድሮው ይከፈላል። ግማሹ ገንዘቡ ሲሰበሰብ ይለቀቃል።

የሠራውና ያልሠራው

ሠንጠረዡን መለየቱ ሠርቷል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሌላ ነባር ሻጭ ላይ የነበረ ተመሳሳይ ቅናሽም በዚያው ተገኘ። ሰውየው ዓመት ሙሉ ሳያውቀው ነበር።

ግማሹን ማቆየቱ ግን ሁለት ፊት አለው። ሻጮች ዕቃ ካስረከቡ በኋላ ደንበኛውን መከታተል ጀመሩ፤ ቀድሞ የመሰብሰብ ሥራ የሒሳብ ክፍሉ ራስ ምታት ነበር። በሌላ በኩል አንድ ነባር ሻጭ ዱቤ የሚጠይቅ አዲስ ፔንሲዮን ጋ መሄድ አቆመ። «ለስምንት ወር ገንዘቤን የሚይዝብኝ ደንበኛ አልፈልግም» ነው የሚለው። ሥራ አስኪያጁ ይህን አልወደዱትም፤ ሰውየው ግን የተከፈለውን ያህል ነው የሚሠራው። ከግማሽ ይልቅ ሩቡን ማቆየት ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

ያልተሳካው ትልቁ ጉዳይ የቅድሚያ ክፍያው ነው። «ጋሼ፣ እኔ 30 በመቶ ይጠየቅ ብዬ ጽፌ ነበር። የሰረዙት እርስዎ ነዎት። ታዲያ ዕዳው ለምን የኔ ብቻ ይሆናል?» አለቻቸው። ሥራ አስኪያጁ መስረዛቸውን አልካዱም። «ልጄ፣ ሽያጩ ቢሳካ ኮሚሽኑን የምትወስጂው አንቺ ነበርሽ» አሏት። ውሉ ዱቤ የፈቀደው ሰው ማን እንደሆነ አይለይም፤ ስለዚህ ለአዘዞው ሽያጭ ምንም አልተቀነሰላትም። ለወደፊቱ ግን አንድ መስመር ተጨመረ፦ ሻጩ በጽሑፍ ተቃውሞ ሥራ አስኪያጁ ከፈቀዱ ሻጩ የሚመልሰው የተመላሹን ግማሽ ነው። የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ ያ የእጅ ጽሑፍ ባይኖር ይህ መስመርም አይገኝም ነበር።

ኮታውን በወቅት ማስተካከልም ተነስቶ ነበር። ለጥቅምት ከፍ፣ ለክረምት ዝቅ ይበል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ነባሮቹ ተቃወሙ፤ በጥቅምት የሚያገኙት አክስለሬተር ሊቀንስባቸው ነው። ሳይወሰን ቀረ።

ለአዲስ ሻጭ የሚወሰዱ ነጥቦች

ውል ከመፈረም በፊት አንድ ምሳሌ በቁጥር እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። «ኮታዬን በ40 በመቶ ባልፍ ስንት አገኛለሁ? ከዚያ ውስጥ አንድ ትልቅ ሽያጭ ቢመለስ ስንት እመልሳለሁ?» በሉ። የሁለቱ መልስ ውሉን ከማንበብ ይበልጥ ያስረዳል። ምሳሌው ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ኮፒውም እጃችሁ ይግባ።

ሽያጩ የሚቆጠረው መቼ እንደሆነና ኮሚሽኑ የመጨረሻ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ለዩ። በዚህ ውል ሽያጩ በደረሰኝ ቀን ይቆጠራል፤ የማይመለስ የሚሆነው ግን ገንዘቡ ሲገባ ነው። በመሃል ያለው ገንዘብ ቅድሚያ እንደ ተሰጠ ይቆጠር። ልጅቷ የጥር ወሩን ኮሚሽን ለቤት ኪራይ ስድስት ወር ቀድማ ከፍላበት ነበር፤ መጋቢት ላይ 3,000 ብር እንኳ ቢቆረጥባት የምትይዘው አልነበራትም። አሁን በደብተሯ ከእያንዳንዱ ደረሰኝ አጠገብ 120ኛውን ቀን ትጽፋለች፤ ቀኑ ሳያልፍ ከዚያ ሽያጭ ያገኘችውን አትነካም።

የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ቁጥር አያታልላችሁ። 140 በመቶ የመጣው በጥምቀት ገበያ ነው። ኮታው ዓመቱን ሙሉ አንድ ከሆነና ገበያው ወቅት ካለው፣ በጥቅምት የሚገኘው አክስለሬተር የሐምሌን ጭርታ ጭምር የሚሸፍን ነው።

ከሥራ ስትለቁ ምን እንደሚሆንም ጠይቁ። የዚህ ድርጅት ውል ስለዚያ ምንም አይልም። ሻጯ ነገ ብትለቅ ገና 120 ቀን ያልሞላቸው ደረሰኞች ላይ ማን ምን እንደሚያገኝ ወይም እንደሚመልስ የሚናገር አንቀጽ የለም። በሚቀጥለው የውል እድሳት እንዲገባ ጽፌላቸዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጡም።